ጥላ ያለው ኮት

በእኛ ፎቶ ቤት ያለው ሱፍ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብዙ ተቀምጧል፤ ሰው የሚመርጠው ግን ሁልጊዜ ያንኑ ጥቁር ሰማያዊውን ከቀይ ከረባት ጋር ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ድሮ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጣው ነው። ሱፉ ነጭ ሸሚዝና ከረባት አለው፤ ራስ ብቻ የለውም። ደንበኛው በቲሸርትም ይምጣ በሹራብ፣ ፊቱን ቆርጠን በባዶው ቦታ ላይ እናስቀምጠዋለን። ባለቤቱ ይህን ሥራ «መትከል» ይለዋል።

«ና ዝሓወይ፣ ና ወንድሜ፣ እኚህን አባት ትከላቸው» ይለኛል፣ ችግኝ እንደሚያስተክል ሰው።

ፎቶ ቤታችን መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ። ስለዚህ ደንበኞቻችን ተማሪዎች፣ የተማሪ አባቶች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና መታወቂያቸው ጠፍቶ አዲስ የሚያወጡ አንድ ቄስ ናቸው። ቄሱን እንኳ ባለቤቱ ሊተክላቸው ነበር፤ ጥምጣሙ ከከረባቱ ጋር አልሄድ ብሎ ተረፉ።

ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት፤ የሚናገሩበትን ቋንቋ ስለማልከተለው ድምፁን ዘግቼ እጃቸውን ብቻ አይ ነበር። ምናልባት ስሠራ የማልናገረው ለዚህ ይሆናል። ደግነቱ ባለቤቱ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ ይናገራል።

መትከል ግን አልወድም ነበር። የተተከለ ሰው ሱፍ የለበሰ አይመስልም፤ ከሱፍ ኋላ ቆሞ በቀዳዳ የሚያይ ነው የሚመስለው። አንገቱ ኮሌታውን አይነካውም። ፊቱን ብርሃን ከቀኝ መትቶት ሱፉን ከግራ ይመታዋል። ከሁሉም በላይ ጥላ የለውም። ይህን ለባለቤቱ ብነግረው «ሰው ፎቶ የሚነሳው ጥላ ሊያይ ነው እንዴ?» አለኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት አንድ ትከሻ ሰፊ ወጣት እየጎተተች ገባች። ልጁ በዚያ ሙቀት አንገቱንና አገጩን በሻርፕ ተጠቅልሏል።

«ፎቶ ነው?» አለ ባለቤቱ ካሜራውን እያነሳ።

«ፎቶ ነው፤ እሱን ግን አታነሱትም» አለችና ሻርፑን ገለጠችው።

የልጁ ግራ ጉንጭ ሙሉ ዳቦ የጎረሰ ይመስላል።

«ዋእ!» አለ ባለቤቱ።

«ትናንት ዓይደር ሆስፒታል መንጋጋ ጥርሱን አስነቅሎ ነው። እብጠቱ እስከ እሁድ አይጎድልም ብለውታል።»

«እሁድ ምን አለ?»

«እሁድ ሽማግሌ አለ።»

ልጁ «እምም» አለ። አፉ ውስጥ ጥጥ ነበር።

«በጣም ያሳዝናል እያለ ነው» አለች እሷ።

ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችን። ልጁ ከወሎ የመጣ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነው። ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ዓይን ኮት ያልለበሰ ወንድ ገና ያላለቀ ወንድ ነው። ሽማግሌ ሲጠይቅ ልጁ ራሱ አብሮ አይሄድም፤ አባትየው ግን በእናቷ በኩል ቃል ልከዋል፤ መልኩን ያላዩትን ሰው ሽማግሌ አይቀበሉም። ፎቶ ይዘው ይምጡ። ኮት የለበሰበት ፎቶ።

«ኮት የለውም?» አለ ባለቤቱ።

«ጋውን ነው ያለው» አለች። «ነጭ፣ አሲድ የበሳው።»

ልጁ «እምም» አለ።

«ኮት ቢኖረውስ በዚህ ጉንጭ ያነሱታል? አባቴ ፎቶውን አይቶ ምን ሊለኝ ነው? ግማሹን ብቻ ነው እንዴ የምታገቢው ይለኛል።»

ስልኳን ሰጠችን። ጤነኛው ልጅ ካፌ ውስጥ በመስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ ደብዘዝ ያለ ሸሚዝ ለብሷል፣ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቷል፣ ፈገግታው ሳይበዛ ልክ ነው። ፎቶው ጥሩ ነበር። መስኮቱ በግራ በኩል ነው፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው።

ባለቤቱ እፎይ አለ። «ቀላል ነው። ትከለው!»

«ምኑን ነው የሚተክለው?» አለች። ባለቤቱ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ከፍቶ አሳያት።

ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ግንባሯን ያዘች። «ይሄ ሱፍ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።»

«እንዴት?»

«አባቴ ለብሶት።»

ባለቤቱ ይኩራ ወይስ ይፈር አልቆረጠም። እሷ ቀጠለች፤ ያ ፎቶ ከጡረታ ማግስት ጀምሮ ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ አባቷ ከሥሩ ነው የሚቀመጡት፣ ቤት ውስጥ ማንም ሰው «ይህን ሱፍ መቼ ገዛህ?» ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። አሁን አማቻቸው ሊሆን የፈለገ ሰው ያንኑ ሱፍ፣ ያንኑ ከረባት፣ ከረባቱ ላይ ያችኑ ሽብሽብ ይዞ ቢመጣ አባቷ ወዲያው ያውቃሉ።

«ካወቀ ደግሞ አበቃ» አለች። «የኮምፒውተር ኮት ለብሶ ልጄን የሚጠይቅ አታላይ ነው ይላል። ለዚህኛው እንቢ ካለ ሁለተኛ ሽማግሌ አይቀበልም፤ አውቀዋለሁ።»

ባለቤቱ ሌላ ሱፍ ከፈተ። እሷ ቀድማ እጇን አወዛወዘች። «ደግሞ ሸሚዙን እንዳትነኩት። እኔ ነኝ የገዛሁለት። ገዝቼ ቤት ሳስገባው አባቴ ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ የማን ነው ሲለኝ፣ የሚለብሰውን ታየዋለህ ብዬዋለሁ። ያ ሸሚዝ መታየት አለበት።»

የእኛ ሱፎች ሁሉ የራሳቸው ሸሚዝ አላቸው። ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ልጁም በአንድ ጉንጩ።

«እውነተኛ ኮት ያስፈልገኛል» አልኩ። «ባዶውን አይደለም። ሰው የለበሰው። ልክ እንደዚህ ፎቶ ትንሽ ዞር ብሎ፣ ብርሃኑም ከዚያው ወገን መጥቶ መነሳት አለበት።»

ባለቤቱ አንድ ኮት አለው። ቡናማ ነው፣ ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ ለለቅሶ ሲሄድ ብቻ ይወርዳል። መቐለ ውስጥ ባለቤቱ የማይደርስበት ለቅሶ ስለሌለ ኮቱ ብዙ ወጥቷል። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኑ የቆመች ሴት ጧፏን አስጠግታበት፣ ደረት ላይ ከሚተኛው የኮት ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታበት ነበር። ሚስቱ ሰፍታዋለች፤ ያገኘችው ክር ግን ከኮቱ ቀላ ያለ ነው።

«የእኔ ኮት ሽማግሌ ሊሄድ ነው!» አለና ደስ ብሎት ለበሰው።

ያን ቀን መሸት እያለ ስለነበር ፀሐይ በበሩ የምትገባው ከተቃራኒው ወገን ነበር። እኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ባለቤቱን እንዳለ አነሳሁትና ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ ገለበጥኩት። ብርሃኑ ወደ ግራ ሄደ። በማግስቱ ዓርብ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ አሳየኋት።

ይህቺ ልጅ ምን እንደምትሠራ እስካሁን አልነገርኳችሁም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ፊቷ የሚመጣውን ልብስ እያየች ስህተት ባለበት ላይ ቀይ ቀስት ያለባት ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ትለጥፋለች። ወረቀቶቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አንዷን የኮምፒውተሬ መስታወት ላይ ለጠፈች። ቀስቱ የኮቱን ቁልፍ ያሳያል።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«የሴት ኮት አድርገኸዋል።»

ልክ ናት። የወንድ ኮት ግራው ወገን በቀኙ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ምስሉን ስገለብጠው ቁልፉም፣ የደረት ኪሱም፣ ሁሉም ዞረዋል። ባለቤቱ ወደ ሆዱ እያየ የራሱን ኮት ፈተሸና «እኔ የወንድ ነው የለበስኩት» አለ፣ የተከሰሰ ያህል።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ አዲስ አነሳሁት። የጠዋት ፀሐይ በትክክለኛው ወገን ትገባለች። በሩ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልኩና ብርሃኗን አለዘብኳት፤ ካፌው መስኮት ላይ መጋረጃ ስለነበር። ካሜራውን በደረቱ ልክ ዝቅ አደረግኩ። ባለቤቱ ዞር ብሎ እንዲቀመጥ ስነግረው ቁጭ ማለቱን ረስቶ ቆመ፤ ቁጭ ሲል መዞሩን ረሳ። በመጨረሻ የሞተ ሰው ቤት እንደተቀመጠ እንዲያስብ ነገርኩት። ወዲያው ልክ ሆነ።

ከዚያ ልጅቷና ልጁ መጥተው ከኋላዬ እንደቆሙ፣ ኮቱን ዙሪያውን ነጥብ በነጥብ እየተከተልኩ ከባለቤቱ ላይ ቆርጬ አወጣሁት። በዚህ ሥራ እያንዳንዱ ነገር እንደ ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ከሥር፣ ኮቱ ከላይ። መጀመሪያ ስታየው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ኮት ከሸሚዝ በላይ ነው፣ ግን አንገት ጋ ሲደርስ ሸሚዙ ብቅ ብሎ ይታያል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን አቅፎ ከኮቱ ኮሌታ ከፍ ይላል፣ ሹል ጫፎቹ ደግሞ ወርደው ከኮቱ ክንፍ ሥር ይገባሉ። ያው አንዱ ጨርቅ በአንድ በኩል ከላይ፣ በሌላ በኩል ከታች ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ አንገት ኋላ ይታይ የነበረውን የኮት ውስጠኛ ክፍል ሸፈንኩት፣ የልጁን ኮሌታ በዚያ ላይ እንዲወጣ አደረግኩ፣ ጫፎቹን ብቻ ለኮቱ ተውኩለት። አንድ ጫፍ ኮቱ ላይ ወጥቶ ቀርቶብኝ ነበር። ቀይ ቀስት ተለጠፈበት።

ሁለተኛው ችግር ትከሻ ነው። ባለቤቱ ቀጭን ነው፤ ልጁ ደግሞ በር ላይ ሲደርስ በጎኑ ለመግባት የሚያስብ ዓይነት ነው። ኮቱን ሳሰፋው ክንፎቹ ተለጠጡ፣ ክብ የነበረው ቁልፍ እንቁላል ሆነ።

«ይሄ ቁልፍ ሊፈለፈል ነው» አለች ልጅቷ፣ ቀስቷን እየላጠች።

መልሼ ክንፉንና ቁልፉን እንዳሉ ይዤ፣ ከክንፉ ውጭ ያለውን ጨርቅና ትከሻውን ብቻ ቀስ እያልኩ ወደ ጎን ገፋሁት።

ከዚያ ጥላው መጣ። ባለቤቱ ጥላ የሚሠራውን አንድ የኮምፒውተር ቁልፍ ያውቃል፤ ሲጫኑት በኮቱ ዙሪያ ሁሉ እኩል ጭስ የመሰለ ነገር ያወጣል። «ይኸው ጥላህ!» አለኝ። ኮቱ ግን ከልጁ ፊት በአየር ላይ የተንጠለጠለ ወረቀት መሰለ። አጠፋሁት። ብርሃን ከግራ ከመጣ በግራ በኩል ያለው ክንፍ ጥላውን ወደ ውስጥ፣ ሸሚዙ ላይ ይጥላል። በቀኝ በኩል ያለው ክንፍ ግን ጠርዙ ወደ ብርሃኑ ስለዞረ ሸሚዙ ላይ የሚጥለው የለውም፤ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ብቻ ትበቃዋለች። ዋናውን ጥላ በእጄ ሳልኩት፤ ከክንፉ ሥር ጥብቅና ጠቆር ያለ፣ እየራቀ ሲሄድ የሚሳሳ። ክንፉ ከአንገት አጠገብ ደረት ላይ ስለሚተኛ ጥላው እዚያ ቀጭን ነው፤ ወደ ቁልፉ ሲወርድ ጨርቁ ቀና ስለሚል ጥላውም ይሰፋል። ቀለሙን ጥቁር አላደረግኩትም። ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ያለ ጥላ የጠቆረ ሰማያዊ ነው። የሸሚዙ ቁልፎች ያሉበት እጥፋት ጋ ሲደርስ ጥላው ትንሽ እንዲጎብጥ አደረግኩት።

ያኔ ኮቱ ቁጭ አለ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ሦስቱም ከኋላዬ ሆነው አጎነበሱ። ልጁ «እምም» አለ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ይሞቀኛል አለ» አለች።

አንዲት ቀስት ቀርታት ነበር። ያችን የጧፍ ቀዳዳ የተሰፋችበት ቀይ ክር ላይ ለጠፈቻት። «ይቺን አጥፋት። ጉድለት ናት።»

አጥፍቼ አሳየኋት፤ መልሼ አመጣኋት። «አዲስ ኮት አዲስ ፎቶ ውስጥ ያስጠረጥራል» አልኳት። «ስፌት ያለበትን ኮት ግን ማንም በኮምፒውተር ሠሩት አይልም። ማን ቁጭ ብሎ ስፌት ይሠራል?»

ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቱ እንኳ ደነገጠ። እሷ ስፌቷን ለረጅም ጊዜ አይታ ቀስቷን ላጠች፤ ግን ሳትጥላት መስታወቱ ጠርዝ ላይ ለጥፋ አስቀረቻት። «በአንተ ኃላፊነት» አለችኝ። ፎቶው ታተመ፤ ቅዳሜ ማታ በፖስታ ውስጥ ሆኖ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ባለቤቱ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አደረገው። እሷ ከመጋረጃ ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩ። ተነስተው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው እንደገና አዩ።

«ሸሚዙን አውቀዋለሁ» አሉ። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ፈገግ አለች።

«ኮቱንም አውቀዋለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ባለቤቱ ወንበር ፈለገ።

«ይህ ኮት ባለፈው ለቅሶ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ይቺን ስፌት ሙሉ ከሰዓት ሳያት ነው የዋልኩት። የባለ ፎቶ ቤቱ ኮት ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮቱን እንደዚያ አጥብቄ ባልሠራው፣ ስፌቷንም ባላስቀራት ኖሮ፣ ማንኛውንም ኮት ይመስል ነበር። በጣም ስለመሰለ የማን እንደሆነ ታወቀ። ባለቤቱ ወደ እኔ እያየ «ሰው ፎቶ የሚነሳው ስፌት ሊያይ ነው እንዴ!» ብሎ በሹክሹክታ ጮኸብኝ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተዋል። አንደኛው፣ ትልቅየው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «አዎ ኣቦይ፤ ተውሶ ነው» ብሏል።

«ተውሶ?»

«ተውሶ ነው።»

«ለእኔ ብሎ ኮት ተዋሰ?»

«ለእርስዎ ብሎ።»

አባትየው ፎቶውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «ሰው ቤት ሄዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ኮት አውሱኝ ብሎ፣ ለብሶ፣ መልሶ… እንግዲህ ተቀመጡ፣ እንነጋገር» አሉ። መልሱን ግን ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሩ።

«አሁን ለብሶታል ብሎ ነው የሚያምነው» አለች በስልኩ። «እሁድ ድረስ አደራ። ማንም ሰው አንድ ቃል እንዳይተነፍስ!»

ባለቤቱ ማለ። በእሱ መሐላ ላይ ብዙ እምነት አልነበረኝም፤ እሱም አልነበረውም መሰለኝ፣ ሰኞና ማክሰኞ ሰው ሲገባ ጓዳ ይደበቅ ነበር።

ረቡዕ ከለቅሶ ተመልሶ ቡናማ ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ እንዳለ አንድ ደልደል ያሉ አዛውንት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ። «ከመይ ውዒልኩም» ብለው ሰላምታ ሰጡ። ባለቤቱ ብድግ አለ። ፊቱን ሳይ እሳቸው ማን እንደሆኑ ገባኝ።

ጋዜጣውን ፈቱት። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ቀይ ከረባት። አንገታቸው ከኮሌታው መሃል ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ ኮሌታውን ሳይነካ፣ ብርጭቆ ውስጥ እንደቆመ ማንኪያ።

«ይሄንን ታውቀዋለህ?» አሉት ባለቤቱን።

«ቆንጆ ነው፣ ኣቦይ።»

«ቆንጆ ነው። እኔ ግን አይደለሁም። የልጁን ፎቶ አጠገቡ አድርጌ ሳየው፣ ልጁ ኮት ለብሷል፤ እኔ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ተቀምጬ፣ ለብሼ፣ በወጉ መነሳት ነው የምፈልገው። የራሴ ኮቶች አልቀዋል። ልጁ የተዋሰውን እኔም ልዋስ።»

ባለቤቱ ኮቱን ያወለቀው ቆዳውን የሚገፉት ይመስል ነበር። እኔ ከኋላቸው ያዝኩላቸው። ቀኝ እጃቸው ገባ። ግራ እጃቸው እስከ ክርን ገባና ቆመ። ገፉ። ከጀርባቸው ስፌት አንድ ቦታ «ጥር» አለ። ሁለት ክንዳቸው ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ደረታቸው ወደ ፊት ወጥቶ፣ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሙ። እንደዚያ ሆነው መጀመሪያ ኮቱን፣ ከዚያ ቀጭኑን ባለቤት አዩ።

«ልጁ ከእኔ ይገዝፋል ነው የሚሉኝ» አሉ።

ባለቤቱ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኣንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጁ እዚህ ኮት ውስጥ እንዴት ገባ?»

ስለ ልጅቷ አሰብኩ። ስለዚያ ጉንጭም አሰብኩ። ውሸት ደግሞ ብዙ ቃል ይፈልጋል፤ የለኝም።

«አልገባም፣ ኣቦይ» አልኩ። «ኮቱ ነው ወደ እሱ የሄደው።»

ኮቱን ቀስ ብዬ አወለቅኩላቸውና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። ፎቶውን ከፈትኩ። ኮቱን አጠፋሁት፤ ልጁ በሸሚዝ ቀረ። አበራሁት፤ ለበሰ።

ፊታቸው አልነበብ አለኝ። «አጥፋው» አሉ። አጠፋሁ። «አብራው።» አበራሁ። «አጥፋው። አብራው።» ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ፣ አንዴ እሱን ራሱን የሚያራቁቱት አንዴ የሚያለብሱት ይመስል ይተነፍስ ነበር።

«ይቺ ጠቆር ያለችው ምንድን ናት?»

«ጥላው ናት።» እሷን ብቻ አጠፋኋት። ኮቱ ከልጁ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። መልሼ አበራኋት፤ ቁጭ አለ።

«አሃ» አሉ። ወደ ራሳቸው ፎቶ አጎንብሰው ጣታቸውን ከረባቱ አጠገብ አኖሩ። «የእኔ ይቺን ነው ያጣው። ስንት ዘመን ሳየው ምን እንደጎደለው አላወቅኩም ነበር። የተሠራ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያሠራሁት። ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም።»

ባለቤቱና እኔ አልተያየንም።

ከዚያ ዓይናቸው መስታወቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ቀይዋ ቀስት እዚያው ነበረች።

«ይቺስ?»

ባለቤቱ ጣሪያውን አየ።

«እኔ ቤት ሸሚዜ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ አንዴም በእናቷ እንጀራ ላይ ለጥፋለች» አሉ። «እዚህ ድረስ መጥታ ስትቆጣጠር ነበር?»

«ሦስት ቀን» አልኩ።

«ስንት ቀስት ለጠፈች?»

«ብዙ፣ ኣቦይ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። የሚያለቅሱ መስሎን ባለቤቱ ውሃ ሊያመጣ ተነሳ። ሲስቁ ነበር፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔ ልጁ ነው የደከመልኝ ብዬ ነበር» አሉ። «ለካ እሷ ናት። እሷ ሦስት ቀን ቆማ ቀስት ከለጠፈችለት፣ ያው ፍተሻውን አልፏል ማለት ነው።» ከዚያ ድንገት ኮስተር አሉ። «ሽማግሌዎቹ ተውሶ ነው ብለውኛል፤ ተውሶ ይሁን። እኔ አላየሁም፣ እናንተም አላሳያችሁኝም።»

«እሺ ኣቦይ።»

ሸሚዛቸውን አስተካክለው በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ቀና አሉ፣ ዞር አሉ። «እንግዲህ እኔንም እንደሱ አስገባኝ» አሉ። «ጥላዋን እንዳትረሳ።»

ያን ቀን ብርሃኑ በገባበት ወገን አነሳኋቸው፤ ከዚያ ባለቤቱን በዚያው ወንበር፣ በዚያው ብርሃን፣ በለቅሶ ፊቱ አስቀመጥኩት። ማንንም መገልበጥ አላስፈለገም። ስፌቷን ላጥፋ ብላቸው «ተዋት፣ ኮቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ» አሉ።

እሁድ መልሱ እሺ ሆነ። የልጁ ጉንጭም በዚያው ሳምንት ጎደለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ስሰማው «ያኔ ያልኩት ይሞቀኛል አልነበረም» አለኝ። «ምን ነበር?» ስለው ልጅቷን አየና ተወው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አባቷና ልጁ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሁለቱም ያንኑ ቡናማ ኮት ለብሰዋል፣ ሁለቱም ያችን ቀይ ስፌት ይዘዋል። መጀመሪያ የፈራችው ነገር ይኸው ነበር። በሁለቱ ክፈፎች መሃል ደግሞ ቀይ ቀስት ለጥፋለች፣ ከሥሩም «የሁለቱ ጥላ አይገጥምም» ብላ ጽፋለች።

እውነቷን ነው። የልጁ ብርሃን ከግራ፣ የአባትየው ከቀኝ ነው የመጣው። ተቀምጬ መልስ መጻፍ ጀመርኩ፤ እያንዳንዱ በራሱ ብርሃን ነው የተነሳው፣ ስህተት አይደለም ብዬ። ሳልጨርስ ሌላ ፎቶ መጣ። ክፈፎቹን መስኮቱ ወዳለበት ግድግዳ ወስዳ፣ አቀያይራ አባቷን በግራ፣ ልጁን በቀኝ ሰቅላቸዋለች። በመሃላቸው የሳሎኑ መስኮት አለ፤ ሁለቱንም ያበራቸው እሱ ይመስላል።

ቀስቷን ልጣታለች።